ጳጉሜ 6 የሚታጠበው ሰዓት

ባለፈው የለጠፍኩት ፎቶ ላይ እጄን ያያችሁ የድሮ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ያ ሰዓት እስካሁን ይሠራል እንዴ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። አዎ ይሠራል። ግን በገዛ እጄ ልገድለው ትንሽ ነው የቀረኝ። የፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ስለ ሰበቃ ስንት ዓመት ሳስተምር ኖሬ፣ እጄ ላይ ያለው ሰበቃ ሳይታየኝ መቅረቱ ስለሚያሳፍረኝ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው። ቤታችሁ የአባት ወይም የአያት ሰዓት ካለ ታገሡኝና አንብቡት።

ሰዓቱ የአባቴ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ በ1972 ዓ.ም. አሰብ ወርዶ ሲመለስ የገዛው ሴይኮ 5 ነው። ባትሪ የለውም፤ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ አውቶማቲክ ነው። የቀኑ ስም በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ይወጣል፤ ክዳኑ ላይ 7009 የሚል የሞተር ቁጥር አለው። አባቴ መኪናውን በኪሎ ሜትር፣ ሰዓቱን በዘመነ ሉቃስ ነበር ሰርቪስ የሚያደርገው። «ጳጉሜ 6 ስትሆን ሰዓቴ ይታጠባል» ይል ነበር። ጳጉሜ 6 የምትሆነው በየ4 ዓመቱ አይደል? ለማስታወስ እንዲመቸው ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። እኛ ልጆቹ ግን እንደ ቀልድ እንቆጥረው ነበር።

አባቴ በ2008 አረፈ፤ ሰዓቱ ለእኔ ደረሰኝ። በ2011 ጳጉሜ 6 ሆነች፤ ሰዓቱ ልክ ስለሚሄድ ዘለልኩት። በ2015ም ሆነች፤ ዘለልኩት። «የማይታመም ምን ሐኪም ያስፈልገዋል» አልኩ። ስህተቴ እዚህ ጋ ነው። መኪና ዘይት ሲያጥረው መብራት ያበራል፣ ይጮሃል፣ ይግላል። ሜካኒካል ሰዓት ግን ዘይቱ ደርቆም ይሄዳል። ብረቱን እየበላ፣ ልክ ሰዓት እየነገረህ ይሄዳል። ሲቆም ታዲያ የሚቆመው ከተበላ በኋላ ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ላስረዳ፤ ክፍል ውስጥ እንዳለን ቁጠሩት።

ሰዓቱ ውስጥ ትንሽ ከበሮ አለች። በውስጧ የተጠቀለለ ረዥም ሞላ አለ፤ ጉልበቱ ሁሉ ከእሱ ነው የሚመጣው። ጉልበቱ ጥርስ ባላቸው መዘውሮች አልፎ መጨረሻ ላይ ባላንስ የምንለው፣ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ጎማ ጋ ይደርሳል። ጊዜውን የሚቆጥረው እሱ ነው። የአባቴ ሰዓት በሰከንድ 6 ጊዜ ይመታል። በቀን 518,400 ምት ማለት ነው። ያለ እረፍት፣ በዓልም ሳይል።

ሞላው ሙሉ ሲሆን የሚሰጠው ጉልበት ከሚያስፈልገው ይተርፋል። ዘይቱ ሲወፍርና ሰበቃ ሲጨምር ያ ትርፍ ጉልበት ችግሩን ይሸፍነዋል። ቀን ቀን ስትለብሰው ሞላው ሁልጊዜ ሙሉ ስለሆነ ምንም አይታይህም። ማታ አውልቀህ ስታስቀምጠው ግን ሞላው እየተፈታ፣ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከሰበቃው በታች የወረደ ጊዜ ይቆማል። ሰበቃው በጨመረ ቁጥር የሚቆምበት ሰዓት ይቀርባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት «ሰዓቱ ዘገየ» አይደለም። «ተቀምጦ የሚቆይበት ጊዜ አጠረ» ነው።

እኔ ይሄን ምልክት በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ብቻ አላነበብኩትም። ድሮ ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት አውልቄው ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ለሥራ ስነሳ እየሄደ አገኘው ነበር። 34 ሰዓት ማለት ነው፤ ደህና ሰዓት ነው፤ ይሄ ሞተር ሲሞላ ወደ 40 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ሰኞ ጠዋት ቆሞ ማግኘት ጀመርኩ። «ትናንት ብዙ አልተንቀሳቀስኩም» አልኩ። በ2016 ደግሞ እሑድ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ቆሞ አገኘሁት። 19 ሰዓት። ዕድሜው ግማሽ ሆኗል። እኔ ግን እጄን አወዛውዤ አስነስቼው ጉዳዬን ቀጠልኩ።

በመሃል ደግሞ አንድ ጥፋት ሠርቼአለሁ። በ2013 ትንሽ መዘግየት ሲጀምር መንገድ ዳር የሚሠራ አንድ ልጅ ጋ ወሰድኩት። ክዳኑን ከፈተ፣ በቤንዚን ነከረው፣ በፓምፕ ነፋው፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረገበት፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ሰዓቱ እንደ አዲስ ሆነ! ግማሽ ዓመት ያህል በጣም ጥሩ ሄደ። በኋላ እንደተማርኩት ያ ደስታ ውሸት ነበር። ሳይፈታ የተነከረ ሰዓት ከላይ ያለው ቆሻሻ ይሟሟል፤ የሟሟው ቆሻሻ ግን ወጥቶ አይሄድም። ዘንጎቹ የሚዞሩባቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባል። የስፌት መኪና ዘይት ደግሞ ቀጭን ነው፤ ከተደረገበት ቦታ ይሸሻል፣ ይስፋፋል። የቀረው ቆሻሻና የብረት ብናኝ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ዘንጉን ይሞርደዋል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሰዓቱ በቀን ወደ አንድ ደቂቃ መዘግየት ሲጀምር ጊዜ ነው የነቃሁት። የአባቴን ሰዓት ሠሪ ፈልጌ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፣ ከድሮ ቦታቸው ተነስተዋል፣ ግን አሁንም ይሠራሉ። ሰዓቱን ሳይሆን መጀመሪያ እኔን ነው ያዩት።

«የሹፌሩ ልጅ ነህ አይደል? አባትህ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያመጣው?»

«በ2007 መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«አሥር ዓመት? መኪናውን አሥር ዓመት ዘይት ሳትቀይር ትነዳዋለህ?»

ምን ልመልስ? ዝም አልኩ።

«ቁጭ በል እሺ፤ አባትህ ቁጭ ብሎ ነው የሚያየው» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። በዚያው ቀንና በሚቀጥለው ያየሁትን ነው የምነግራችሁ፤ ሰርቪስ ሲባል ምን እንደሚሠራ ካላወቅን አሥር ደቂቃ የሚፈጀውንና እውነተኛውን መለየት አንችልም።

መጀመሪያ ሳይከፍቱት ለኩት። ማይክሮፎን ያለው ትንሽ ማሽን ላይ አስቀመጡት፤ ምቱን ያዳምጣል። ሁለት ነገር ይናገራል፦ በቀን ስንት ሰከንድ እንደሚያፈጥን ወይም እንደሚዘገይ፣ እና ባላንሱ በየአቅጣጫው ስንት ዲግሪ እንደሚወዛወዝ። ፍጥነቱ 48 ሰከንድ ቅናሽ አሳየ። ውዝዋዜው ደግሞ 170 ዲግሪ። «ይሄኛው ነው በሽታው» አሉኝ፣ በዲግሪው ላይ ጣታቸውን አድርገው። እንዲህ ያለ ሴይኮ ሞላው ሞልቶ፣ ጀርባው ተኝቶ፣ 220 እና ከዚያ በላይ ቢወዛወዝ ጤነኛ ነው። ከ200 በታች ከሆነ ጉልበቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ፍጥነቱን ብቻ ማስተካከል ቢፈልጉ አንዲት ማንሻ ገፋ ማድረግ ይበቃቸው ነበር። ሰዓቱ ልክ ይሆናል፣ እኔም ተደስቼ እሄዳለሁ፣ ብረቱም መበላቱን ይቀጥላል። ብዙ ቦታ «ተስተካክሏል» የሚባለው ይሄ ነው።

ከዚያ ፈቱት። ግማሽ ጨረቃ የመሰለውን ሞላ ሞይ ክብደት አወጡ። የክዳኑን ውስጥ አሳዩኝ፦ ክብ ክብ ጭረት አለበት። ክብደቱ የተቀመጠበት ኩሽኔታ ስለላላ ክዳኑን እየፋቀ ነበር። «እጅህን ስታወዛውዝ ኽሽ ኽሽ አይልም ነበር?» አሉኝ። ይል ነበር። ጤናማ ድምፅ መስሎኝ ነበር።

ቀጥለው የቀረውን የሞላ ጉልበት ቀስ አድርገው ለቀቁት፤ ሳይለቀቅ ከተፈታ መዘውሮቹ በአንዴ ተሽከርክረው ጥርስ ይሰበራል። ከዚያ እጆቹን፣ የፊት ሰሌዳውን፣ የቀን መቁጠሪያውን፣ ባላንሱን፣ ሹካውን፣ መዘውሮቹን፣ ከበሮዋን፣ እያንዳንዱን ብሎን ጭምር በካቻቢቴና በወረንጦ አንድ በአንድ እየነቀሉ ትሪ ላይ ደረደሩ።

እጥበቱ ራሱ ሥርዓት አለው። ክፍሎቹ በማጠቢያ ፈሳሽ ይታጠባሉ፣ በንጹሕ ይለቀለቃሉ፣ ይደርቃሉ። የሩቢ ድንጋዮቹ ቀዳዳ በሾለ እንጨት ተጠርጎ ይጸዳል፤ ፈሳሽ ብቻውን የደረቀ ዘይት አያወጣም። ሹካዋን ግን አልኮል ውስጥ አይተዉአትም። ጫፏ ላይ ያሉት ሁለት ድንጋዮች የተጣበቁት አልኮል በሚያሟሟው ሙጫ ስለሆነ ትንሽ ከቆየች ድንጋዮቹ ይላቀቃሉ።

ከታጠበ በኋላ አጉሊ መነጽራቸውን ሰጡኝ። «እይ» አሉ። አየሁ። የከበሮዋ ዘንግ የሚዞርበት ቀዳዳ ክብ መሆን ነበረበት፤ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኗል። ይሄ ቀዳዳ የሩቢ ድንጋይ የለበትም፤ ዘንጉ በቀጥታ ናስ ላይ ነው የሚዞረው። ዘይት ሲደርቅ መጀመሪያ የሚበላው እንደዚህ ያለው ቦታ ነው፤ ትልቁ ጉልበትም እዚያው ነው ያለው። ቀዳዳው ሲሰፋ ከበሮዋ ታዘነብላለች፣ ካዘነበለች ከጎኗ ያለውን ትነካለች፣ ጉልበቱ እዚያው ይቀራል። 170 ዲግሪው ከዚህ ነው የመጣው። አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ ልመልሰው ቢሉ የትም አይደርስም። የተበላ ብረት በዘይት አይሞላም።

«አባትህ በጊዜው ሲያመጣው ዘይት ብቻ ነበር የምቀይርለት። አሁን አካል ነው የምቀይርልህ» አሉኝ። ያቺ ንግግር ውስጤ ገባች።

ሴይኮ በመሆኑ ግን ዕድለኛ ነኝ። ከጠረጴዛቸው ሥር የሞቱ ሰዓቶች የሞሉበት የብስኩት ቆርቆሮ አላቸው። ከውስጡ ያው 7009 ሞተር ያለው፣ መስታወቱ የተሰበረ፣ ውስጡ ግን ደህና የሆነ አገኙ። የከበሮዋን ድልድይና ኩሽኔታውን ከነክብደቱ ከዚያ ወሰዱ። ብርቅ የሆነ የስዊዝ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ክፍሉን ፍለጋ ብቻ ስንት ወር ይፈጅ ነበር።

ዘይቱ ላይ በጣም ነው የተገረምኩት። አንድ ዘይት መስሎኝ ነበር። በቀስታ ለሚዞሩትና ከባድ ለሚሸከሙት ወፍራም ዘይት፣ በፍጥነት ለሚዞሩት ለባላንሱና አጠገቡ ላለው መዘውር ቀጭን ዘይት፣ ለሹካዋ ድንጋዮች ሌላ፣ ለቁልፉና ለማንሻዎቹ ግሪስ። የሚደረገው በመርፌ ጫፍ ነው። የባላንሱ ድንጋይ ላይ ያለችው ጠብታ ከድንጋዩ ስፋት ግማሽ ትንሽ ብትበልጥ ነው፤ ከበዛች ወደ ጎን ሸሽታ ዘንጉን ደረቅ ትተወዋለች። የመዘውር ጥርሶች ላይና የሹካዋ ዘንግ ላይ ደግሞ ጭራሽ ዘይት አይደረግም። ቆሻሻ ይሰበስባል፣ ምቱንም ያከብደዋል። ያ ልጅ ያንጠባጠበው ዘይት ሁሉ የት የት እንደገባ አስቡት።

አንድ ሌላ ጥፋትም አገኙብኝ፤ ይሄኛው በተለይ ለእኛ ለሐበሾች ነው። ቀን ቁጥሩን የምትገፋው ትንሽ ጣት ጫፏ ተበልቷል። እንደዚህ ያሉ ሰዓቶች ቀን የሚቀይሩት እጆቹ 12 ላይ ሲገጥሙ ነው፤ ዝግጅቱ ግን ቀደም ብሎ 9 አካባቢ ይጀምርና እስከ 3 ወይም 4 ድረስ ጥርስ ከጥርስ እንደተያያዘ ይቆያል። በዚያ መሃል ቀኑን በቁልፉ ከገፋኸው ትሰብረዋለህ። ፈረንጅ ይሄ የሚሆነው ሌሊት ስለሆነ ብዙም አይቸገርም። እኛ ግን ሰዓቱን በራሳችን አቆጣጠር ስንሞላው ቀኑ የሚቀየረው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል፤ አደገኛው ሰዓት ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ወራችን ደግሞ 30 ቀን፣ የሰዓቱ ቁጥር እስከ 31 ነው። በየወሩ መባቻ ጠዋት 31 ብሎ ታየዋለህ፤ ወዲያው ወደ 1 ትገፋዋለህ። እኔ ለዓመታት በየወሩ እንደዚያ ነው ያደረግሁት። አባቴ ግን ሁልጊዜ ቀኑን የሚያስተካክለው ቀትር 6 ሰዓት ላይ ነበር። ልማድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እጆቹ ከ12 በጣም የሚርቁት ያኔ ነው።

ሁለተኛው ቀን ማታ ተገጠመ። የክዳኑና የቁልፉ ጋርኒሲዮን ተቀየረ፤ ላስቲክ ስለሆነ ሰዓቱ ባይታጠብም በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ማሽኑ ላይ ሲቀመጥ ውዝዋዜው 245 ዲግሪ፣ ፍጥነቱ በቀን 6 ሰከንድ ጭማሪ። ግን አልሰጡኝም። ተኝቶ፣ ቆሞ፣ በየጎኑ ለጥቂት ቀናት ካላዩት አይለቁም። ስረከበው ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት አስቀመጥኩት። ሰኞ ጠዋት እየሄደ ነበር።

«ታዲያ በስንት ዓመት ነው?» ላላችሁኝ፦ አምራቾቹ ራሳቸው አይስማሙም። ሴይኮ በየ3 እስከ 4 ዓመት ይላል፤ ሮሌክስ ለዛሬ ሰዓቶቹ ወደ 10 ዓመት ያደርሰዋል። ልዩነቱ የዘይቱ ዓይነት፣ የክዳኑ ጥብቀትና አሠራሩ ነው። በየቀኑ ለሚለበስ አሮጌ ሰዓት የአባቴ 4 ዓመት ጥሩ ልክ ነው። አዲስ ከሆነ 5 እስከ 7 ዓመት ሊቆይ ይችላል። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠውም አይረሳ፤ ዘይት ሳይለበስም ያረጃል። ስንት ዓመት የቆመ ሰዓት ካገኛችሁ «ይሠራ ይሆን?» ብላችሁ እያወዛወዛችሁ ሳምንት አትልበሱት፤ መጀመሪያ ይታይ።

ዓመቱን ከመቁጠር ጎን ለጎን ግን በየሦስት ወሩ ይሄን ፈትኑ። ቀኑን ሙሉ ከለበሳችሁት በኋላ ማታ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አውልቃችሁ ያስቀመጣችሁበትን ሰዓትና የቆመበትን ጻፉ። ባለፈው ጊዜ ከነበረው በብዙ ካነሰ ለመታጠብ ደርሷል፤ ልክ እየሄደ ቢሆንም። ክብደቱ የሚፋቅ ድምፅ ካሰማ፣ መስታወቱ ሥር ጤዛ ካያችሁ፣ ቁልፉ ሲዞር ከሻከረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ጤዛ በተለይ የቀናት ጉዳይ ነው፣ ዝገት አይታገሥም። በተቃራኒው ሰዓቱ ድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ ማፍጠን ከጀመረ አትደንግጡ። ምናልባት ስፒከር ወይም ሌላ ማግኔት ነክቶት ቀጭኑ የባላንስ ሞላ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይሆናል። ማግኔቱን ማስለቀቅ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ለእሱ ሲባል ሙሉ ሰርቪስ አስከፍለው እንዳይሸኟችሁ።

ሠሪው ጋ ስትሄዱም አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ሙሉ በሙሉ ትፈታዋለህ ወይ?» መልሱ «አያስፈልገውም» ከሆነ ሰዓታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

በመጨረሻ፣ ቤት ገብቼ የአባቴን የመንገድ ደብተር ፈልጌ አወጣሁት። መጨረሻው ገጽ ላይ በእሱ ጽሕፈት «ሰዓት ታጠበ» ይላል፤ ከሥሩ 1975፣ 1979፣ 1983 እያለ 2007 ድረስ ዘጠኝ መስመር አለ። አንድ ዙር አልዘለለም። ጦርነቱም፣ የመንግሥት ለውጡም፣ ጡረታውም አላስዘለለውም። ከሥሩ አሥረኛውን እኔ ጻፍኩ፦ 2017፣ ሁለት ዙር ተዘልሎ።

ቀጣዩ ጳጉሜ 6፣ 2019 ነው። 4 ዓመት ባይሞላውም እወስደዋለሁ፤ ቢያንስ ተከፍቶ ይታያል፣ መስመሩም ይስተካከላል። ከረሳሁ አስታውሱኝ።